ዓይነ ስውር ሸማቾች በድምፅ በሚመራ መተግበሪያ ስካን በማድረግ ወይም በማስጠጋት ክፍያ የሚፈጽሙበት አሠራር

በስልክ የሚፈጸም ክፍያ በአገራችን በስፋት ሥራ ላይ መዋል ከጀመረ ወዲህ ግብይት ከጥሬ ገንዘብ ወደ ስልክ ስክሪን እየተሸጋገረ ይገኛል። ኢትዮ ቴሌኮም የቴሌብር አገልግሎትን ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. በይፋ ካስጀመረ በኋላ፣ ሌሎች የፋይናንስ ተቋማትም ተመሳሳይ አገልግሎቶችን በማቅረባቸው፣ ከዋና ዋና ከተሞች ርቀው በሚገኙ የንግድ ማዕከላትም የኪው አር ኮድ የተለጠፈበት የመደብር ጠረጴዛ ማየት እንግዳ አይደለም። ይሁን እንጂ ስክሪኑን ማየት ለማይችል ሸማች ይህ ለውጥ አዲስ ጥያቄ ያስነሳል። ጥሬ ገንዘብ በእጅ ይዳሰሳል፤ በስልክ የሚከፈል ገንዘብ ግን አይዳሰስም። ስለሆነም ዓይነ ስውሩ ሸማች ለማን፣ ስንት እንደሚከፍልና ክፍያው መፈጸም አለመፈጸሙን የሚያውቀው በጆሮው ብቻ ነው።

ይህ ጽሑፍ በድምፅ የሚመራ ክፍያ እንዴት እንደሚሠራ፣ በየደረጃው ሸማቹ ምን መስማት እንደሚገባው፣ ስህተት ሲፈጠር በምን እንደሚታወቅና ምን መደረግ እንዳለበት ያብራራል። ለማሳያነት የተወሰደው በምዕራብ ጎንደር ዞን የምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በአብርሃ ጅራ ሊያጋጥም የሚችል የዕለት ተዕለት ግብይት ነው።

የሚናገረው ማን ነው?

በአብዛኛው የሚናገረው የክፍያ መተግበሪያው ራሱ ሳይሆን በስልኩ ውስጥ የሚገኝ ስክሪን አንባቢ የተባለ ፕሮግራም ነው። በአንድሮይድ ስልኮች ላይ ይህ ፕሮግራም ቶክባክ፣ በአይፎን ላይ ደግሞ ቮይስኦቨር ይባላል። በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ሁለቱን የድምፅ መጨመሪያና መቀነሻ ቁልፎች በአንድነት ለጥቂት ሰከንዶች ተጭኖ በመያዝ ቶክባክን ማስነሳት ይቻላል። ፕሮግራሙ ከተነሳ በኋላ የስልኩ አጠቃቀም ይለወጣል። ጣት በስክሪኑ ላይ ሲያርፍ ከሥሩ ያለው ነገር በድምፅ ይነበባል እንጂ አይከፈትም። ጣትን ወደ ቀኝ ማንሸራተት ወደ ቀጣዩ ነገር ያሻግራል፤ የተነበበውን ለመክፈት ወይም ለመምረጥ ስክሪኑን ሁለት ጊዜ በፍጥነት መታ ማድረግ ያስፈልጋል።

ስክሪን አንባቢው ማንበብ የሚችለው የመተግበሪያው አዘጋጆች በጽሑፍ ያስቀመጡለትን ብቻ ነው። አንድ አዝራር በሥዕል ብቻ ተሠርቶ ስም ካልተሰጠው፣ ለሚያይ ሰው የካሜራ ምልክት ሆኖ ቢታይም ለዓይነ ስውሩ የሚሰማው «ስም የሌለው አዝራር» የሚል መልእክት ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ቶክባክ ለተጠቃሚው ራሱ ስም እንዲሰጥ ይፈቅድለታል። የሚታመን ሰው አዝራሩ ምን እንደሆነ አንድ ጊዜ ከነገረው በኋላ፣ ተጠቃሚው ከቶክባክ ዝርዝር ውስጥ ስም መስጫውን መርጦ «ስካን» ብሎ ሊሰይመው ይችላል። መተግበሪያው ሲታደስ ይህ ስም ሊጠፋ ስለሚችል፣ ከእድሳት በኋላ ወደ ገበያ ከመውጣት በፊት በቤት ውስጥ መፈተሽ ይገባል።

ሁለተኛው ጉዳይ ቋንቋ ነው። ስክሪን አንባቢው የሚጠቀምበት የድምፅ ማመንጫ አማርኛን የማያውቅ ከሆነ፣ በግዕዝ ፊደል የተጻፈውን ዘሎ ቁጥሮችን ብቻ ሊያነብ ይችላል። እንዲህ ያለው ንባብ አደገኛ ነው፤ ሸማቹ «485» የሚለውን ይሰማል እንጂ የተሰማው ቁጥር የሚከፈለው ገንዘብ ይሁን ቀሪ ሒሳብ አያውቅም። አማርኛን ከሚያነቡ ማመንጫዎች አንዱ `eSpeak NG` የተሰኘው ነፃ ፕሮግራም ነው። ድምፁ እንደ ሰው ድምፅ ለስላሳ ባይሆንም ጽሑፉን ፊደል በፊደል ያነባል። ድምፁ ያልተመቸው ተጠቃሚ የክፍያ መተግበሪያውን ቋንቋ የድምፅ ማመንጫው ወደሚያውቀው ሌላ ቋንቋ ሊቀይረው ይችላል።

ከፒን በፊት ሁለት፣ ከፒን በኋላ አንድ

የአሠራሩ ዋና መመሪያ አጭር ነው። ሸማቹ የምስጢር ቁጥሩን ወይም ፒኑን ከማስገባቱ በፊት የተከፋዩን ስምና የገንዘቡን መጠን በራሱ ጆሮ መስማት አለበት። ፒኑን ካስገባ በኋላ ደግሞ የክፍያውን ውጤት መስማት አለበት። ከእነዚህ ሦስቱ አንዱ ካልተሰማ ክፍያው ለሸማቹ ዕውር ክፍያ ነው። ስካንም ሆነ ማስጠጋት የተለያዩ መንገዶች ቢሆኑም ሁለቱም የሚመዘኑት በዚሁ መመሪያ ነው።

በኪው አር ኮድ መክፈል

ኪው አር ኮድ በትናንሽ ጥቁርና ነጭ አራት ማዕዘኖች የተሠራ ምስል ይሁን እንጂ በውስጡ የያዘው ጽሑፍ ነው። ለክፍያ በሚውለው ኢ.ኤም.ቪ. በተባለው ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት የሚዘጋጅ ኮድ መረጃውን በተራ ቁጥር ከፋፍሎ ይይዛል። ለምሳሌ በአብርሃ ጅራ የሚገኝ አንድ መደብር ለ485 ብር ሽያጭ ያዘጋጀው ኮድ ሲነበብ ከሚገኙት መስመሮች አንዳንዶቹ የሚከተለውን ይመስላሉ።

```
5303230
5406485.00
5802ET
6010ABRHA JIRA
```

በእያንዳንዱ መስመር የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች የመረጃውን ዓይነት፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ የመረጃውን ርዝመት፣ የቀረው ደግሞ መረጃውን ራሱን ያመለክታሉ። 53 የገንዘቡን ዓይነት ሲገልጽ 230 የኢትዮጵያ ብር መለያ ነው። 54 የሚከፈለው መጠን፣ 58 አገር፣ 60 ከተማ ነው። የነጋዴው ስም በ59 ሥር ይቀመጣል። ስሙና መጠኑ ከመጀመሪያውም በጽሑፍ የተቀመጡ በመሆናቸው መተግበሪያው በስክሪኑ ላይ እንደ ጽሑፍ እስካሳያቸው ድረስ ስክሪን አንባቢው ያለ ችግር ያነባቸዋል።

ኮዱ ሁለት ዓይነት ነው። ቋሚው ኮድ ታትሞ ጠረጴዛ ላይ ወይም ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ሲሆን ዘወትር የነጋዴውን ማንነት እንጂ የሚከፈለውን መጠን አይዝም። ስለዚህ መጠኑን የሚያስገባው ሸማቹ ነው። ተለዋዋጩ ኮድ ግን ሻጩ ለአንድ ሽያጭ ብቻ በስልኩ ወይም በማሽኑ ላይ የሚያዘጋጀው ሲሆን መጠኑንም ይዞ ይመጣል። ቋሚው ኮድ ለዓይነ ስውር ሸማች አንድ ጥቅም አለው፤ ቁጥሩን ራሱ ስለሚያስገባ ሌላ ሰው ሊያሳስተው አይችልም። በአንጻሩ ተለጣፊ ወረቀት በመሆኑ በላዩ ሌላ ኮድ ሊለጠፍበት ይችላል። ይህን የሚያጋልጠው የተከፋዩን ስም መስማት ነው። ተለዋዋጩ ኮድ የመጻፍን ድካም ይቀንሳል፤ ሆኖም መጠኑን ያስገባው ሻጩ በመሆኑ ሸማቹ መጠኑን ሳይሰማ ማለፍ የለበትም።

ካሜራውን በኮዱ ላይ ማነጣጠር ማየት ለማይችል ሰው አስቸጋሪ የሚመስለው ክፍል ነው። በተግባር የሚሠራው ዘዴ የሚከተለው ነው። ሸማቹ በግራ እጁ ኮዱ ያረፈበትን ካርድ ጠርዝ ይዳስሳል። ስልኩን በካርዱ ላይ ያሳርፍና ካሜራው በካርዱ መካከል እንዲሆን ያስተካክላል። ከዚያም ስልኩን ሳያዘነብል ቀስ ብሎ ወደ ላይ ያነሳዋል። ከአንድ ስንዝር ባልበለጠ ከፍታ ኮዱ አብዛኛውን ጊዜ ይነበባል። በደንብ የተሠራ መተግበሪያ ኮዱን ሲያነብ በንዝረት ወይም በድምፅ ያስታውቃል። ይህ ካልሆነ ስክሪን አንባቢው የአዲሱን ገጽ ርእስ ማንበብ መጀመሩ ኮዱ መነበቡን ያመለክታል። ኮዱ በብርጭቆ ወይም በሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ተሸፍኖ ከሆነ የቆላው ብርቱ ፀሐይ ሲያርፍበት ላይነበብ ይችላል፤ ካርዱን ወደ ጥላ ማዞር ብዙ ጊዜ ችግሩን ይፈታዋል።

ኮዱን ማንበብ ፈጽሞ ካልተቻለ ስልኩን ለሻጩ አሳልፎ መስጠት አያስፈልግም። ነጋዴው አጭር መለያ ቁጥር ካለው ቁጥሩን በቃል ተቀብሎ በመተግበሪያው ውስጥ በማስገባት መክፈል ይቻላል። ቁጥሩ ከገባ በኋላም የነጋዴው ስም ስለሚነበብ መመሪያው እንደተጠበቀ ይቆያል።

ምሳሌ፦ በአብርሃ ጅራ አንድ መደብር

አንዲት ዓይነ ስውር ሸማች ስኳር፣ ዘይትና ሳሙና ገዝታለች እንበል። ከመውጣቷ በፊት ቀሪ ሒሳቧን አዳምጣለች፤ 1,200 ብር ነው። ኢርፎኑን በአንድ ጆሮዋ ብቻ አድርጋለች፤ በሌላው የሻጩን ድምፅ ትሰማለች። ሻጩ ዕቃውን ደምሮ «እህቴ፣ አራት መቶ ሰማንያ አምስት ብር ሆኗል» ይላትና በስልኩ ላይ ተለዋዋጭ ኮድ አዘጋጅቶ ያቀርብላታል።

ሸማቿ የክፍያ መተግበሪያዋን ከፍታ የስካን አዝራሩን ትመርጣለች፤ ኮዱ ይነበባል። ይሁን እንጂ ወዲያው ወደ ፒን አትሄድም። ጣቷን ወደ ቀኝ እያንሸራተተች በገጹ ላይ ያለውን አንድ በአንድ ታዳምጣለች። የተከፋዩ ስም የመደብሩ ስም ነው። ቀጥሎ የምትሰማው መጠን ግን «845» ነው። ሻጩ ሲያስገባ አኃዞቹን አቀያይሯቸዋል።

«ወንድሜ፣ በእኔ ስልክ ስምንት መቶ አርባ አምስት ይላል፤ እስቲ እንደገና ተመልከተው» ትለዋለች። ሻጩ ስህተቱን አይቶ ይቅርታ ይጠይቃል፤ አዲስ ኮድ ያዘጋጃል። ሸማቿ የቀድሞውን ገጽ ዘግታ አዲሱን ኮድ ታነባለች፤ ስሙንና 485 ብር መሆኑን ትሰማለች። ከዚያ በኋላ ፒኗን ታስገባለች። የመተግበሪያው ገጽ ክፍያው መፈጸሙን ይነግራታል፤ ወዲያው የሚደርሳትን አጭር የጽሑፍ መልእክትም ታዳምጣለች። ቀሪ ሒሳቧ 715 ብር መሆኑን ስትሰማ ክፍያው በትክክል መፈጸሙን ታረጋግጣለች። የአገልግሎት ክፍያ ካለ በመልእክቱ ውስጥ ስለሚገለጽ ልዩነቱን ከዚያው ታውቃለች።

በዚህ ምሳሌ ሻጩ ሊያታልል አላሰበም። ይሁን እንጂ ሸማቿ ስልኳን ሰጥታ «አንተው ክፈልልኝ» ብትል ኖሮ 360 ብር በስህተት ይወጣ ነበር፤ ስህተቱን የምታውቀውም ቆይታ ሒሳቧን ስትሰማ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከፒን በፊት የተደመጡ ጥቂት ሰከንዶች ናቸው።

ፒንን ከሌላ ሰው ጆሮና ዓይን መጠበቅ

በስክሪን አንባቢ ፒን ሲገባ ጣት ያረፈበት ቁጥር ሁሉ በድምፅ ሊነገር ይችላል። በስልኩ ድምፅ ማጉያ ከተነገረ በአጠገብ የቆመ ሰው ሁሉ ይሰማዋል። ስለዚህ ኢርፎን የምቾት ጉዳይ ሳይሆን የደህንነት መሣሪያ ነው። ኢርፎን በሌለበት ጊዜ ስልኩን ወደ ጆሮ አስጠግቶ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ይመረጣል። ሌላው ሰው በዓይኑ እንዳያይ ደግሞ ስክሪኑን ማጥቆር ይቻላል። በቶክባክ ዝርዝር ውስጥ `Hide screen` የሚለው ምርጫ ስክሪኑን ሲያጠቁር ስልኩ ግን ሥራውን ይቀጥላል፤ በቮይስኦቨር በሦስት ጣት ሦስት ጊዜ መታ በማድረግ ተመሳሳይ ውጤት ይገኛል።

በማስጠጋት መክፈል

ማስጠጋት ኤን.ኤፍ.ሲ. በሚባል የአጭር ርቀት የሬዲዮ ግንኙነት የሚሠራ ነው። ካርድ ወይም ስልክ ይህን አገልግሎት ወደሚቀበል ፖስ ማሽን ሲጠጋ መረጃ ይለዋወጣሉ። ግንኙነቱ የሚሠራው እስከ 4 ሳንቲ ሜትር በሚደርስ ርቀት በመሆኑ በአካባቢው በማለፍ ብቻ ክፍያ አይፈጸምም። ለዓይነ ስውር ሸማች ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ካሜራ ማነጣጠር አያስፈልግም። ማሽኑን በእጅ ዳስሶ ካርዱን ወይም ስልኩን ማሳረፍ በቂ ነው። በስልክ ሲሆን የሚጠጋው የትኛው ክፍል እንደሆነ ማወቅ ይገባል። በአይፎን አንቴናው በላይኛው ጫፍ አካባቢ ሲሆን በብዙ አንድሮይድ ስልኮች በጀርባው መካከል ወይም ከዚያ ከፍ ብሎ ይገኛል።

ይሁን እንጂ ማስጠጋት ከስካን የሚያንስበት አንድ ነገር አለ። መጠኑ የሚታየው በሻጩ ማሽን ስክሪን ላይ ነው፤ ማሽኑ ካልተናገረ ሸማቹ ከማስጠጋቱ በፊት መጠኑን የሚያውቅበት የራሱ መንገድ የለውም። በተጨማሪም ካርዱ ሲጠጋ የሚሰማው «ጢጥ» የሚል ድምፅ ብዙ ጊዜ በስህተት ይተረጎማል። ድምፁ የሚገልጸው ማሽኑ ካርዱን ማንበቡን ነው እንጂ ባንኩ ክፍያውን መፍቀዱን አይደለም። ከድምፁ በኋላ መስመር ሊቋረጥ ወይም ክፍያው ውድቅ ሊደረግ ይችላል። ስለሆነም በማስጠጋት የሚከፍል ሸማች ሻጩ መጠኑን ጮክ ብሎ እንዲያነብለት መጠየቅ፣ ከማሽኑ አጠገብ ሳይርቅ ከባንኩ የሚላከውን መልእክት በስልኩ ማዳመጥና ያኔ ብቻ ዕቃውን ይዞ መሄድ ይኖርበታል።

ማሽኑ ፒን ከጠየቀ የቁልፎቹ ዓይነት ወሳኝ ይሆናል። ጎላ ያሉ ቁልፎች ባሉት ማሽን ላይ በ5 ቁጥር ላይ የምትገኘው ትንሽ እብጠት ሌሎቹን ቁጥሮች ለማግኘት ትመራለች። ሙሉ በሙሉ ለስላሳ ስክሪን ባለው ማሽን ላይ ግን ድምፅ ከሌለ ዓይነ ስውሩ ፒኑን በራሱ ማስገባት አይችልም። በዚህ ጊዜ ፒኑን ለሻጩ ከመንገር ይልቅ በስልክ ወደሚፈጸም ክፍያ መመለስ የተሻለ ነው።

የኢንተርኔት ግንኙነት በማይኖርበት ጊዜ

እንደ አብርሃ ጅራ ባሉ የቆላ ከተሞች ዳታ ሊደክም ወይም ሊቋረጥ ይችላል። በዚህ ጊዜ በመደበኛው የስልክ መስመር የሚሠራው አጭር ቁጥር አማራጭ ይሆናል፤ ለቴሌብር `*127#` ነው። የሚመጣው ዝርዝር በጽሑፍ የተዘጋጀ በመሆኑ ስክሪን አንባቢ ያነበዋል፤ ምርጫውም በቁጥር ይመለሳል። ሁለት ጥንቃቄዎች ግን ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ ገጹ ለመልስ የሚሰጠው ጊዜ አጭር በመሆኑ ረጅም ዝርዝር እየተነበበ ሳለ ሊዘጋ ይችላል። አዘውትሮ የሚጠቀም ሰው የሚፈልጋቸውን ቁጥሮች ቅደም ተከተል በቃሉ ቢይዝ ይረዳዋል። ሁለተኛ፣ በዚህ መንገድ የሚገባ ፒን በብዙ ስልኮች ላይ ሳይሸፈን በግልጽ ስለሚታይ ስክሪኑን አስቀድሞ ማጥቆር ይገባል።

ግንኙነቱ የተቋረጠው ፒን ከገባ በኋላ ከሆነ ክፍያውን ወዲያው መድገም ተገቢ አይደለም። በመጀመሪያ ቀሪ ሒሳብን ማዳመጥ፣ ቀጥሎ የግብይት ዝርዝሩን ከፍቶ የመጨረሻውን ክፍያ መስማት ያስፈልጋል። ቀሪ ሒሳቡ ከቀነሰ ክፍያው ከሸማቹ ወጥቷል፤ ለሻጩ ያልደረሰ ከሆነ የግብይት መለያ ቁጥሩን ይዞ ለአገልግሎት ሰጪው ማመልከት ይቻላል። ከግዢ በፊት ቀሪ ሒሳብን ማዳመጥ የሚጠቅመውም በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚነጻጸርበት ቁጥር ከሌለ መቀነሱ አይታወቅም።

ከሻጩና ከአገልግሎት ሰጪው የሚጠበቅ

ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 9 የመረጃና የኮሙኒኬሽን አገልግሎቶች ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ እንዲሆኑ የሚያስገድድ ሲሆን አንቀጽ 12 ደግሞ አካል ጉዳተኞች የገንዘብ ጉዳያቸውን በራሳቸው የመቆጣጠር እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ይህ መብት በመደብር ጠረጴዛ ላይ ሲተረጎም ከሻጩ የሚፈለገው ጥቂት ነው። መጠኑን በቃል መናገር፣ የኪው አር ካርዱን በእጅ ሊዳሰስ በሚችል ቦታ ማስቀመጥ፣ ሸማቹ አዳምጦ እስኪጨርስ መታገሥና ስልኩን ወይም ፒኑን ከመጠየቅ መቆጠብ ነው።

ከመተግበሪያ አዘጋጆች የሚጠበቀው ከዚህ የሚከብድ ነው። እያንዳንዱ አዝራር በጽሑፍ ስም ሊኖረው፣ የተከፋዩ ስምና መጠኑ ከፒን ገጹ በፊት በስክሪን አንባቢ ሊነበቡ፣ የክፍያው ውጤትም በቀለም ወይም በምልክት ብቻ ሳይሆን በቃላት ሊገለጽ ይገባል። ለደህንነት ሲባል የፒን ቁጥሮችን ቦታ የሚያቀያይሩ መተግበሪያዎች ቁጥሮቹን ለስክሪን አንባቢ የማያሳውቁ ከሆነ ዓይነ ስውሩን ከገዛ ሒሳቡ ያስወጡታል። አጭበርባሪ ፕሮግራሞችን በመስጋት ስክሪን አንባቢ ሲበራ ሥራቸውን የሚያቆሙ መተግበሪያዎችም ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳሉ።

አንድ መተግበሪያ በድምፅ የሚመራ መሆኑን ለማረጋገጥ ቀላሉ ፈተና ስክሪኑን አጥቁሮ አንድ አነስተኛ ክፍያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መፈጸም ነው። ከፋዩ ያለ ማንም እገዛ የተከፋዩን ስም፣ መጠኑንና ውጤቱን ከሰማ መተግበሪያው ፈተናውን አልፏል። ከሦስቱ አንዱ ካልተሰማ ግን ጉድለቱ የትኛው ገጽ ላይ እንደሆነ ለይቶ ለአገልግሎት ሰጪው ማሳወቅ ያስፈልጋል። «መተግበሪያው አይሠራም» ከሚል አቤቱታ ይልቅ «በማረጋገጫ ገጹ ላይ መጠኑ አይነበብም» የሚል ጥቆማ ለባለሙያው የሚስተካከለውን ቦታ በቀጥታ ያመለክተዋል።